ጀርመንኛው «ባለህበት ሂድ» ሲሆን፦ ለአስጠኚ የሚጻፍ ደብዳቤ፣ ደረጃ በደረጃ

ጀርመንኛ በግል አስጠናለሁ። ከተማሪዎቼ በዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ መልእክት ይሄ ነው፦ «መምህር፣ ለውጥ የለኝም። ተስፋ ቆርጫለሁ። ምን ላድርግ?» በቴሌግራም ይመጣል። አንዳንዴ ድምፅ ነው፤ አራት ደቂቃ ሙሉ በትንፋሽ የተሞላ።

እውነቱን ልንገራችሁና ለእንዲህ ያለ መልእክት የምሰጠው መልስ የረባ አይደለም። «አይዞሽ፣ ብዙ አንብቢ፣ ብዙ ስሚ» እላለሁ። ምን ልበል? ሐኪም ዘንድ ሄዶ «አሞኛል» ብቻ ብሎ ዝም እንደማለት ነው።

ባለፈው ዓመት ግን አንዲት ተማሪዬ የተለየ ደብዳቤ ላከችልኝ። ያንን ደብዳቤ አንብቤ እቅዷን ከሥር ለመቀየር አንድ ምሽት ብቻ ነው የፈጀብኝ። ቢ1 የሚባለውን የመካከለኛ ደረጃ ፈተና ያለፈችው ሚያዝያ ላይ ነው። ለቀጣዩ ደረጃ፣ ለቢ2፣ ስትዘጋጅ ጥር ደረሰ፤ ዘጠኝ ወር። ጀርመን ሄዳ የነርስነት ሥልጠና መጀመር ትፈልጋለች። ደብዳቤውን እንዴት እንዳዘጋጀችው ከሷው ጠይቄ፣ የራሴንም ጨምሬ እነሆ። የእንግሊዝኛ ወይም የዓረብኛ ተማሪም ቢሆን መንገዱን መከተል ይችላል፤ ምሳሌዎቹ ግን የጀርመንኛ ናቸው።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ ቆማችኋል?

ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ይሄን አጣሩ። ጀርመንኛ የሚያስተምረውና የሚፈትነው ጎተ ኢንስቲትዩት ቢ2 ለመድረስ በጠቅላላው ከ600 እስከ 800 ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል ይላል። አንዱ ክፍለ ጊዜ 45 ደቂቃ ነው። ለቢ1 ደግሞ ከ350 እስከ 650። ስለዚህ ከቢ1 ወደ ቢ2 መካከል ሁለት መቶ ገደማ ክፍለ ጊዜ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። በሳምንት አራት ክፍለ ጊዜ የሚማር ሰው ዓመት ሊፈጅበት ነው። ሦስት ወር ተምሮ «ቆምኩ» የሚል ሰው አልቆመም፤ መንገዱ ነው የረዘመበት።

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። በአንድ ክህሎት ብቻ፣ ቢያንስ በስድስት ሳምንት ልዩነት፣ ሦስት የተለያዩ የሙከራ ፈተናዎች ውሰዱ። ሰዓት ይያዝ። ድምፁን ማቆም ወይም ወደኋላ መመለስ የለም። ሦስቱም ውጤቶች አንድ ቦታ ከሆኑ፣ አዎ፣ ቆማችኋል።

የጎተ ቢ2 ፈተና አራት ክፍል አለው፦ ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መጻፍ፣ መናገር። እያንዳንዱ ከ100 ይታረማል፤ ማለፊያው 60 ነው። አራቱን ለየብቻ መፈተንም ይቻላል። ለዚህ ነው ውጤታችሁን በጭራሽ በአማካይ አትጻፉ የምለው። ተማሪዬ «ምንም ለውጥ የለኝም» ብላ ነበር የጀመረችው። ከመስከረም እስከ ጥር የወሰደቻቸውን ሦስት ሙከራዎች ስታወጣ ግን ንባቧ ከ63 ወደ 73 ወጥቷል። ጽሑፏ ከ58 ወደ 66። ንግግሯም ደህና ነው። ማዳመጧ ግን 50፣ 47፣ 50።

ያልተንቀሳቀሰው አንዱ ነው። የቀሩትን ሁሉ ያጨለመባት ግን እሱ ነው።

የአንድ ሳምንት መዝገብ

ለሰባት ቀን፣ ያጠናችሁትን በደቂቃ ጻፉ። ከትዝታ አትጻፉ፤ እንደጨረሳችሁ ወዲያው ጻፉ። በዚያ ሳምንት ጎበዝ ለመሆን አትሞክሩ፤ እንደወትሮው ኑሩ።

ተማሪዬ በሳምንት አሥር ሰዓት አጠናለሁ ብላ ታምን ነበር። መዝገቡ ሰባት ሰዓት ተኩል አለ። ከኔ ጋር ሦስት ሰዓት። የቃላት ካርድ ሁለት ሰዓት ከ45። የሰዋስው መልመጃ አንድ ሰዓት ከሩብ። ማዳመጥ? ሠላሳ ደቂቃ። እሱም ሽንኩርት እየከተፈች።

የቆመችው ማዳመጥ ላይ ነው፤ ከሰባት ሰዓት ተኩል ሠላሳ ደቂቃ የሰጠችው ለማዳመጥ ነው። ይሄን ሳይ ትንሽ አፈርኩ። የሦስት ሰዓቱን ትምህርት የማወጣው እኔ ነኝ፤ ግማሹን ንግግሯን ሳርም ነበር የማሳልፈው።

የሚሰበረውን ቦታ መፈለግ

የደብዳቤው ልብ ይሄ ነው። ብዙ ጊዜ ስጡት። «ማዳመጥ ይከብደኛል» ማለት ለአስጠኚ ገና ምንም አልነገረውም፤ ማዳመጥ ቢያንስ በሦስት ምክንያት ይከብዳልና።

ጽሑፍ ያለው፣ በተለመደው ፍጥነት የተነገረ፣ አምስት የድምፅ ቁራጭ ምረጡ። እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ። አንዱን ሦስት ጊዜ ስሙ፤ የሰማችሁትን ቃል በቃል ጻፉ። ከዚያ ጽሑፉን አውጡና አስተያዩ። ያለፋችሁበትን ወይም የተሳሳታችሁበትን ቦታ ሁሉ በቀይ አስምሩ። በቀን አንድ ብቻ ሥሩ፤ አድካሚ ነው።

አሁን ቀዮቹን በሦስት መድቧቸው። አንደኛ፦ በወረቀት ላይ ባየውም የማላውቀው ቃል። ሁለተኛ፦ ሳነበው የማውቀው፣ በጆሮዬ ግን ያለፈኝ። ሦስተኛ፦ ቃላቱን ሰምቻለሁ፣ አውቃቸዋለሁም፣ ነገር ግን ዓረፍተ ነገሩን በተሳሳተ መንገድ ተረዳሁት።

ተማሪዬ ከአምስቱ ቁራጮች 60 ቀይ ቦታ አገኘች። የማታውቀው 9 ብቻ ነው። እያወቀችው ያልሰማችው 37። በአረዳድ የሳተችው 14።

እንግዲህ እዩት። ለዘጠኝ ቦታ ስትል በሳምንት ሁለት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ካርድ ስትገለብጥ ከርማለች።

37ቱ ከየት መጡ? ጀርመኖች እንደሚጽፉት አይናገሩም። «ሃበን ቪር» ተብሎ የተጻፈው በአፍ «ሃም ቪር» ይሆናል። «ሃስት ዱ» ደግሞ «ሃስተ»። እኛም እኮ «ምንድን ነው» ጽፈን «ምንድነው» ነው የምንለው፤ የውጭ ሰው ሁለቱን ቃል ነጣጥሎ ሲጠብቅ ያልፈዋል። ተማሪዬ ጀርመንኛን የተዋወቀችው ከሞላ ጎደል በዓይኗ ነው። ጆሮዋ የሚጠብቀው የመጽሐፉን ቅርጽ ነው።

14ቱ ደግሞ የኛን ሰው ለይተው የሚያጠቁ ናቸው። ይሄን ምሳሌ ከራሷ ወረቀት ነው የወሰድኩት፦ «ኤር ጊፕት ሞርገን ዛይነ አርባይት አፕ»። ነገ ሥራውን ያስረክባል ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያለው «አፕ» በ«አውፍ» ቢቀየር ግን ሥራውን ይለቃል ይሆናል። አንድ ክፍለ ቃል ናት፤ ሰውየውን ከሥራ ታስወጣዋለች! በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው፤ ግን ሙሉውን ይመጣል። «ያስረክባል» ሲባል አበቃ። ጀርመንኛ ግሱን ለሁለት ሰንጥቆ ግማሹን ሁለተኛ ቦታ ላይ፣ ግማሹን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ተማሪዬ «ጊፕት» ስትሰማ «ይሰጣል» ብላ ትዘጋለች። የቀረውን አትጠብቅም።

አንድ ማጣሪያ አለ። የጎተ ቢ2 ማዳመጥ 30 ጥያቄ፣ አራት ክፍል ነው። አንደኛውና ሦስተኛው ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማሉ፤ ሁለተኛውና አራተኛው ሁለት ጊዜ። ውጤታችሁን በዚህ ክፈሉት። የተማሪዬ የጥር ውጤት፦ ሁለት ጊዜ ከሚሰሙት 14 ጥያቄዎች 10 አገኘች። አንድ ጊዜ ከሚሰሙት 16 ግን 5 ብቻ። ሁለተኛ ዕድል ስታገኝ ትይዘዋለች፤ ስለዚህ እውቀቱ አለ ማለት ነው። የጎደላት ፍጥነት ነው። ሁለቱም ላይ እኩል ዝቅ ብትል ኖሮ የቃላት ችግር ነው ብዬ እጠረጥር ነበር።

ይሉኝታውን የት እናድርገው?

ደብዳቤው ውስጥ በጣም የሚከብደው ቦታ አስጠኚውን «ትምህርትህ አልሠራልኝም» ማለት ነው። ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ከዚያ አንድ ቀን «ሥራ በዛብኝ» ብለው ይጠፋሉ። እኔም የተማሪን ሥራ መብዛት ከዚህ ለይቼ የማውቅበት መንገድ የለኝም።

የሚበጀው ስለ ሰዓቱ መናገር ነው፤ ስለ ሰውየው አይደለም። «ማዳመጥ አላስተማሩኝም» አትበሉ። «ከምንገናኝባቸው ሦስት ሰዓታት ማዳመጥ የምንሠራው አሥር ደቂቃ ያህል ነው፤ ወደ አንድ ሰዓት ከፍ ማድረግ እንችላለን?» በሉ። የመጀመሪያው ክስ ነው። ሁለተኛው ቁጥርና ጥያቄ ነው፤ መልሱ አዎ ወይም አይ ነው።

ከመጠን ያለፈ ምስጋናም አትደርድሩ። ሦስት መስመር ምርቃት ካለ በኋላ የሚመጣው ቅሬታ ይበልጥ ያስደነግጣል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ደብዳቤው ራሱ

ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ጽሑፍ ይሁን እንጂ ድምፅ አይሁን፤ አስጠኚው እየተመለሰ የሚያየው ነውና። ቀይ የተሰመረባቸውን ወረቀቶች ፎቶ አንስታችሁ አያይዙ። ተማሪዬ የላከችው፣ ስሟን አውጥቼ፣ ይሄ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር፣

ቢ1ን ካለፍኩ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ንባቤና ጽሑፌ በእርስዎ እርዳታ ከፍ ብሏል፤ አመሰግናለሁ። ማዳመጥ ላይ ግን ቆሜያለሁ። የመስከረም፣ የኅዳርና የጥር ውጤቶቼ 50፣ 47፣ 50 ናቸው። አንድ ጊዜ ከሚሰሙት 16 ጥያቄዎች 5፣ ሁለት ጊዜ ከሚሰሙት 14 ደግሞ 10 ነው ያገኘሁት።

ባለፈው ሳምንት ያጠናሁትን መዘገብኩ። በድምሩ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው፤ ማዳመጥ 30 ደቂቃ ብቻ። አምስት የድምፅ ቁራጭም ቃል በቃል ጽፌ አረምኩ። 60 ቦታ ስቻለሁ። 9ኙን ቃል አላውቀውም። 37ቱን ሳነበው አውቀዋለሁ፣ ስሰማው ግን አልፎኛል። 14ቱን ሰምቼም በተሳሳተ መንገድ ተረድቻለሁ፤ አብዛኞቹ ግሱ ለሁለት የሚከፈልባቸው ናቸው። ወረቀቶቹን አያይዣለሁ።

እስካሁን የሞከርኩት፦ በቀስታ የሚነበበውን የዶይቸ ቬለ ዜና ለአራት ወር ሰማሁ። እሱ ይገባኛል፤ ፈተናው ግን አይገባኝም። ፊልም ከነጽሑፉ ሞከርኩ፤ እያነበብኩ እንጂ እየሰማሁ እንዳልሆነ ገባኝና ተውኩት።

ያለኝ ጊዜ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። መጨመር አልችልም፤ ሥራ አለብኝ። በሥራ ቀን ጠዋት 45 ደቂቃ ኢንተርኔት አገኛለሁ። ፈተናው ግንቦት ላይ ነው። ለትምህርት የምከፍለውም ከዚህ በላይ አይሆንልኝም።

የምጠይቀው፦ የስድስት ሳምንት አዲስ እቅድ። ከአሁኑ ልማዴ የቱን ላቋርጥ? ከምንገናኝባቸው ሦስት ሰዓታት አንዱን ለማዳመጥ መስጠት እንችላለን? እየሠራ መሆኑንስ በሦስተኛው ሳምንት በምን እናውቃለን?

ተማሪዎ»

ልብ በሉ፣ የሞከረችውን ስትጽፍ ለምን እንደተወችውም ጽፋለች። የዶይቸ ቬለ ነገር ለኔ ትልቅ ፍንጭ ነበር። የቀስታው ዜና በራሱ ድንቅ ነው። ነገር ግን አንባቢው እያንዳንዱን ቃል አጥርቶ ነው የሚያነበው፤ «ሃም ቪር» የሚባል ነገር የለበትም። አራት ወር እሱን ብቻ የሰማ ጆሮ፣ የመጽሐፉን ቅርጽ ይበልጥ ያጠናክራል።

«መጨመር አልችልም» ማለቷም ጠቀመኝ። ያንን ባትጽፍ ኖሮ በቀን ሁለት ሰዓት የሚፈልግ እቅድ ልኬላት በሁለተኛው ሳምንት ትተወው ነበር።

የመለስኩላት እቅድ

ድምሩ ያው ሰባት ሰዓት ተኩል። የሰዋስው መልመጃው ለስድስት ሳምንት ቆመ። ካርዱ ወደ 45 ደቂቃ ወረደ። የተረፈው ሦስት ሰዓት ከ45 ለጠዋቱ ማዳመጥ፣ አምስት ቀን በ45 ደቂቃ። ከኔ ጋር ካለው ሦስት ሰዓት አንዱ ለማዳመጥ ሆነ።

የጠዋቱ ሥራ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የትናንቱን ቁራጭ ያለጽሑፍ አንድ ጊዜ ትሰማለች። ከዚያ አዲስ፣ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ቁራጭ። ሁለት ጊዜ ትሰማና ትጽፋለች። ታርማለች። ቀይ የሆኑትን ቦታዎች ብቻ እየመለሰች አምስት አምስት ጊዜ ትሰማለች። በመጨረሻ ከተናጋሪው ጋር አብራ፣ በእሱ ፍጥነት፣ ጮክ ብላ ትላለች። ይሄ የመጨረሻው ለብዙዎች ያሳፍራል፤ ቤት ውስጥ ሰው ካለ በተለይ። ግን አፏ «ሃም ቪር» ማለት ሲለምድ ጆሮዋም ይለምዳል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ሰው ብቻውን የሚናገርባቸው ቁራጮች። ቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት ቃለ መጠይቅ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ ሁሉም ነገር መጀመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ ተሰምቶ ዋናው ሐሳብ ይነገራል፤ መጻፉ ከዚያ ይቀጥላል። ከኔ ጋር ደግሞ ለሁለት የሚከፈሉትን ግሶች እንሠራ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን እላለሁ፤ የመጨረሻዋን ክፍለ ቃል እተዋለሁ። እሷ ምን ምን ሊመጣ እንደሚችልና ትርጉሙ እንዴት እንደሚቀየር ትናገራለች።

መለኪያው በሦስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት አምስት አዲስ ቁራጭ ነው። የድሮዎቹን መድገም አይሆንም፤ በቃሏ ይዛቸዋለች።

ከዚያ በኋላ

በሦስተኛው ሳምንት ቀይ ቦታው ከ60 ወደ 52 ብቻ ወረደ። ከፋት። እኔ ግን ያየሁት ድምሩን አልነበረም። እያወቀች ያልሰማችው ከ37 ወደ 27 ወርዷል፤ የማታውቀው ቃል ከ9 ወደ 12 ወጥቷል፤ 13ቱ የአረዳድ ነው። ቁራጮቹ ስለከበዱ የማታውቀው ቃል መጨመሩ የሚጠበቅ ነው። እቅዱ ያነጣጠረበት ቁጥር ወርዷል። ስለዚህ ቀጠልን። 37ቱ ባይነቃነቅ ኖሮ ቁራጩን ወደ ሠላሳ ሰከንድ አሳጥረን፣ አብሮ መናገሩን እጥፍ እናደርገው ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት 31 ቀይ ቦታ። የሙከራ ፈተናው 30 ጥያቄ ውስጥ 17፣ ማለትም 57። አላለፈችም። ሦስት ሳምንት ጨመርን፤ 20 አገኘች፣ 67።

ዋጋም ነበረው። ካርዱን ስለቀነስን ንባቧ ከ73 ወደ 70 ወረደ። ይሄን አስቀድሜ ነግሬያት ነበር፤ ማለፊያው 60 ስለሆነ የምታጣው ነገር እንደሌለ ተስማምተን ነው የገባንበት።

ሁለተኛው ደብዳቤዋ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። «መምህር፣ ከሦስተኛው ሳምንት ወዲህ ያልቀነሰው የማላውቀው ቃል ነው። ሠላሳ ቃል አያይዣለሁ። ካርዱን ወደ አንድ ሰዓት ከሩብ ልመልሰው? ከጠዋቱ ማዳመጥ የቱን ቀን ልቀንስ?»

ሐሙስን ቀንሺ አልኳት።